ልምድ የለኝም፣ ፕሮጀክት ግን አለኝ፦ ደብዳቤውን ከመላክዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

በስታቲስቲክስ ተመርቆ ለጁኒየር ማሽን ለርኒንግ ሥራ የሚያመለክት ሰው ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት መልክ አለው። «ጉዳዩ፦ የሥራ ማመልከቻ ስለማቅረብ» ብሎ ይጀምራል፤ ቀጥሎ «ምንም እንኳ የሥራ ልምድ ባይኖረኝም» ይላል፤ ከዚያ አምስት ፕሮጀክቶች በአንድ ትንፋሽ ይደረደራሉ። ፕሮጀክትን ማስቀደሙ ልክ ነው፤ አዲስ ተመራቂ ሌላ የሚያስቀድመው ነገር የለውም። ፕሮጀክት የልምድን ቦታ የሚይዘው ግን አንባቢው «ይህ ልጅ ከዳታ ጋር ብቻውን ሲቀር ምን ዓይነት ውሳኔ ይወስናል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ካገኘበት ነው። ስለዚህ ከመላክዎ በፊት የሚከተሉትን ይመልከቱ።

ደብዳቤውን መጀመሪያ የሚያነበው ማን ነው?

ማስታወቂያው «የ2 ዓመት ልምድና የልምድ ማስረጃ ማቅረብ ግዴታ ነው» የሚል ከሆነና ማጣሪያውን የሚያካሂደው የሰው ሀብት ክፍል ከሆነ፣ የፕሮጀክት ደብዳቤ ብዙም አይረዳዎትም። ዓመት ቆጥሮ የሚያጣራ ሰው ሞዴልዎን አይመዝንም። ማስታወቂያው ኮድ ወይም የጊትሃብ አድራሻ ከጠየቀ ግን ባለሙያ እንደሚያየው ይገምቱ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለዚህኛው አንባቢ ነው።

የትኛውን ፕሮጀክት ያስቀድማሉ?

አንዱን ብቻ። ሁለተኛው በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢጠቀስ ይበቃል፤ የቀረው ሲቪው ላይ ይሁን።

የታይታኒክ ተሳፋሪዎችና የአይሪስ አበባ ግን ከደብዳቤው ይውጡ። የአይሪሱ ዳታ 150 አበባ ብቻ ነው፤ ሮናልድ ፊሸር በ1936 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጽሑፍ የታወቀና እስከ ዛሬ መማሪያ ሆኖ የቀረ ነው። መልሱ ሁሉም ቦታ ስላለ ራስዎ ምን እንደወሰኑ አያሳይም። የታወቀ ዳታ ሁሉ ይጣል ማለት አይደለም፤ ወጥመድ ያለበት የታወቀ ዳታ እንዲያውም ጥሩ ነው። ቀጥሎ ያለው እንዲህ ዓይነቱ ነው።

ቁጥርዎ ከምን ጋር ተነጻጽሮ ነው ትልቅ የሆነው?

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚገባው ይህ ነው። አንድ ተመራቂ እንዲህ ጻፈ እንበል፦

«የባንክ ደንበኞች የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ይከፍቱ እንደሆነ የሚተነብይ ሞዴል ሠርቼ 90 በመቶ ትክክለኛነት አግኝቻለሁ።»

ዳታው ብዙ ጀማሪ የሚሠራበት የፖርቱጋል ባንክ የስልክ ሽያጭ መዝገብ ነው። ከግንቦት 2008 እስከ ኅዳር 2010 (እ.ኤ.አ.) የተደረጉ ጥሪዎችን ይዟል፤ 45,211 መዝገብ አለው፤ ከእነዚህ ውስጥ እሺ ያሉት 5,289 ናቸው፣ ማለትም 11.7 በመቶ። እንግዲህ ምንም ሞዴል ሳይሠራ ለሁሉም «እምቢ ይላል» ብሎ የተነበየ ሰው 88.3 በመቶ ትክክል ይሆናል። 90 የተባለው ቁጥር ከዚህ ጋር ሲተያይ ትርፉ ሁለት ነጥብ እንኳ አይሞላም። ዳታውን የሚያውቅ አንባቢ ይህን ስሌት በጭንቅላቱ ይሠራዋል።

የስታቲስቲክስ ተመራቂ እዚህ ላይ ከሌላው አመልካች ይልቃል። ሞዴሉ የተፈተሸው በ1,000 መዝገብ ብቻ ከሆነ፣ የ90 በመቶው መደበኛ ስህተት 0.95 ነጥብ ገደማ ነው። የ95 በመቶ መተማመኛ ክልሉ ከ88.1 እስከ 91.9 ይሆናል፤ 88.3 ደግሞ በክልሉ ውስጥ ነው። ሞዴሉ ምንም ካልሠራው ሰው መሻሉ ገና አልታወቀም ማለት ነው። ይህን ያስተማሩዎት ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው፤ ደብዳቤው ላይ ግን የሚያወጣው ሰው ጥቂት ነው።

ለፍተሻ የተለየው ከዳታው አንድ አምስተኛው፣ ማለትም 9,042 መዝገብ ቢሆንስ? ያኔ ክልሉ ይጠብና ልዩነቱ እውነተኛ ይመስላል። ያኔም ቢሆን ልዩነቱ ከየት እንደመጣ መጠየቅ አለበት። ከዓምዶቹ አንዱ `duration` ይባላል፤ የጥሪውን ርዝመት በሰከንድ ይይዛል። ፍላጎት ያለው ደንበኛ ረዥም ያወራል፤ እምቢ ያለው ቶሎ ይዘጋል። ዓምዱ መልሱን ሊናገር ምንም አልቀረውም ማለት ይቻላል። ችግሩ ስልኩ ሳይደወል ርዝመቱ አለመታወቁ ነው፤ ባንኩ ደግሞ ሞዴሉን የሚፈልገው ለማን ልደውል ብሎ ነው። ዳታውን ያዘጋጁት ሰዎች ራሳቸው፣ ለእውነተኛ ትንበያ ይህ ዓምድ መውጣት እንዳለበት በማብራሪያው ላይ ጽፈዋል። ማብራሪያውን ያላነበበ አመልካች እዚህ ይጋለጣል።

ሌላም አለ። መዝገቡ በጊዜ ቅደም ተከተል የተቀመጠ ነው፤ እሺ የሚሉት ድርሻም በመጨረሻዎቹ ወራት ከመጀመሪያዎቹ በጣም ይበልጣል። በዘፈቀደ ቀላቅሎ ማሠልጠኛና መፈተሻ ብሎ መክፈል ይህን ለውጥ ይሸፍነዋል። በቀደሙት ወራት አሠልጥነው በኋለኞቹ ከፈተሹ ውጤትዎ ሊወርድ ይችላል፤ 88.3 የተባለው መነሻም አይሠራም፣ በመፈተሻው ክፍል ላይ እንደገና መቆጠር አለበት።

እንግዲህ ያው አንቀጽ እንዲህ ይጻፋል፦

«የፖርቱጋል ባንክን የ45,211 ጥሪ መዝገብ ተጠቅሜ ለየትኛው ደንበኛ ቀድሞ መደወል እንዳለበት የሚጠቁም ሞዴል ሠርቻለሁ። የጥሪው ርዝመት ከመደወሉ በፊት ስለማይታወቅ `duration` የሚለውን ዓምድ አውጥቻለሁ፤ ውጤቴም በዚህ ወርዷል። በቀደሙት ወራት አሠልጥኜ በኋለኞቹ ፈትሻለሁ። ሞዴሉ ካስቀደማቸው 500 ደንበኞች እሺ ያሉት … ናቸው፤ በዘፈቀደ ቢደወል ኖሮ … ይሆኑ ነበር።»

ነጠብጣቦቹን በራስዎ ቁጥር ይሙሏቸው። «ውጤቴም በዚህ ወርዷል» የሚለውን እንዳይሰርዙት። በኔ ግምት ከደብዳቤው ሁሉ ቃለ መጠይቅ የሚያስጠራው እሱ ነው፤ አመልካቹ ትልቁን ቁጥር ትቶ የሚሠራውን መምረጡን ያሳያል።

የመመረቂያ ጽሑፍዎን ረስተውታል?

ብዙ ተመራቂ «ፕሮጀክት» ሲባል በራሱ ጊዜ የሠራውን ብቻ ይቆጥራል፤ ወራት የፈጀበት የመመረቂያ ጽሑፍ ግን ሲቪው ላይ በርዕሱ ብቻ ይቀራል። በአገራችን የስታቲስቲክስ ትምህርት ክፍሎች ከተለመዱት ርዕሶች አንዱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትን ዳታ ይዞ፣ ለምሳሌ እናቶች በጤና ተቋም የመውለዳቸውን ምክንያቶች በሎጂስቲክ ሪግሬሽን መመርመር ነው። ይህ ለማሽን ለርኒንግ ደብዳቤ ጥሩ ጥሬ ዕቃ ነው። እንዳለ ግን አይገባም፤ ጥያቄው የተለየ ነውና። ጽሑፉ «የትኛው ምክንያት ጉልህ ነው?» ብሎ ጠይቆ ነበር፤ ቀጣሪው የሚጠይቀው «ሞዴሉ አይቶት የማያውቀውን ቦታ ይተነብያል ወይ?» ብሎ ነው።

የ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) ጥናት የተሰበሰበው ከ645 የቆጠራ ቦታዎች ነው። የአንድ ቆጠራ ቦታ ሴቶች የሚጋሩት መንገድም ጤና ጣቢያም አንድ ነው። ዳታውን በዘፈቀደ ሲከፍሉ ከአንድ ሰፈር አንዷ ሴት ማሠልጠኛው ውስጥ፣ ጎረቤቷ መፈተሻው ውስጥ ትገባለች። የቦታውን ከፍታ የሚይዘው `v040` ለአንድ ሰፈር ሰዎች ሁሉ እኩል ስለሆነ፣ ሞዴሉ ሰፈሩን በዚያ ለይቶ መልሱን ሊሸመድድ ይችላል። መፍትሔው ሰፈርን ሳይበትኑ መክፈል ነው፤ የቆጠራ ቦታው መለያ `v001` ነው፦

```python
from sklearn.model_selection import GroupKFold, cross_val_score
cv = GroupKFold(n_splits=5)
cross_val_score(model, X, y, groups=df["v001"], cv=cv)
```

በሁለቱም መንገድ ያስኪዱት። ውጤቶቹ ከተራራቁ ርቀቱ ራሱ ለደብዳቤዎ ዓረፍተ ነገር ይሆናል፦ «በዘፈቀደ ስከፍል ይህን፣ በቆጠራ ቦታ ስከፍል ይህን አገኘሁ፤ የማምነው ሁለተኛውን ነው።» መነሻውንም አይርሱ፤ በዚያ ጥናት በናሙና ክብደት ሲሰላ በጤና ተቋም የተወለዱት 26 በመቶ ነበሩ፣ ስለዚህ ለሁሉም «ቤት» ያለም ብዙውን ጊዜ ትክክል ይሆናል፤ ያለ ክብደት ከሠሩ መነሻውን በራስዎ ፋይል ላይ ይቁጠሩት። ጽሑፉን በኤስፒኤስኤስ ሠርተውት ከሆነ ፓይተን ላይ ደግሞ መሥራቱ ጥቂት ቀን ቢወስድ ነው፤ ማስታወቂያው ፓይተን እያለ በኤስፒኤስኤስ ብቻ መቅረብ ግን አይመከርም።

«ባይኖረኝም» የሚለውን አውጥተዋል?

ልምድ እንደሌለዎት ሲቪው ይናገራል፤ ደብዳቤው መድገም የለበትም። ይህን ስል ግን የክፍል ሥራን «በማሽን ለርኒንግ የ1 ዓመት ልምድ» ብለው ይጻፉ ማለቴ አይደለም፤ በመጀመሪያው ጥያቄ ይወድቃል። የቡድን ሥራ ከሆነ ድርሻዎን በራስዎ ስም ይጻፉ፦ «አራት ሆነን ሠራን፤ ዳታ ማጽዳቱና ፍተሻው የኔ ነበር።» ስለ ጓደኛዎ ክፍል ጥልቅ ጥያቄ ቢመጣም ያን ጊዜ አያፍሩም።

ሊንኩ ለሌላ ሰው ይከፈታል?

ከአካውንትዎ ወጥተው ወይም በሌላ ሰው ስልክ ይሞክሩት። ጊትሃብ ላይ ዝግ የሆነ ማኅደር ለባለቤቱ እንደ ወትሮው ይታያል፤ ለእንግዳ ግን `404` ብቻ ነው የሚመጣለት። ከተከፈተም በኋላ መጀመሪያ የሚነበበው `README.md` ነው፤ ጥያቄውን፣ አከፋፈሉን፣ መነሻውንና ውጤቱን በአጭሩ ይያዝ።

የጤና ጥናቱን ዳታ ከተጠቀሙ ደግሞ ፋይሉን ራሱን እዚያ አይጫኑት። ዳታው ተመዝግበው፣ ለምን እንደፈለጉት ገልጸው በፈቃድ የወሰዱት ነው፤ ለሌላ ማስተላለፍም በስምምነቱ የተከለከለ ነው። ኮዱን ብቻ ያስቀምጡና ዳታው በምን መንገድ እንደሚጠየቅ በሁለት መስመር ይጻፉ። ፋይሉን ቀድመው ጭነውት ከሆነ ከገጹ ላይ መሰረዝ ብቻ አይበቃም፤ በለውጥ ታሪኩ ውስጥ ይቀራልና ማኅደሩን አጥፍተው ዳታ በሌለበት አዲስ ይክፈቱ፣ ደብዳቤው ላይ ያለውንም ሊንክ ይቀይሩ።