ልብ ቀድሞ ይፈርዳል፣ አፍ ምክንያት ይፈልጋል

ቦጋለች ገብሬ የተወለዱት በከምባታ ምድር፣ ዛቶ በምትባል መንደር ነው። ውኃ ልቅዳ ብለው ከቤት እየወጡ ፊደል ቆጠሩ፣ በልጅነታቸውም እንደ እኩዮቻቸው ሁሉ ተገረዙ። ኋላ እስከ ኢየሩሳሌምና አሜሪካ ሄደው ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1997 ከእኅታቸው ከፍቅርተ ገብሬ ጋር «ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ» የተባለውን የሴቶች ራስ አገዝ ድርጅት አቋቋሙ። ስለ ኤችአይቪ ሊያስተምሩ በቤተ ክርስቲያን በቆሙ ጊዜ ሽማግሌዎቹ በትሕትና ሰሟቸውና የራሳቸውን ችግር ነገሯቸው፦ ልጆቻችን ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎቻችንም ወደ ገበያ የሚሻገሩበት ድልድይ የለንም። ቦጋለች ትምህርቱን አቆዩትና ድልድዩን አሠሩ።

ድልድዩን ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያ በኋላ በከምባታ የሆነው ነገር፣ ሥር የሰደደ የልብ ፍርድ እንዴት እንደሚለወጥ ከማውቃቸው ታሪኮች ሁሉ ግልጹ ነው። መንገዱም የጀመረው ከማስረዳት ሳይሆን ከመስማት ነው።

በዚያ ዘመን በከምባታ ያልተገረዘች ልጃገረድ ማግኘት ከባድ ነበር። አንዲት እናት ልጇን ላስገርዝ ወይስ ልተው ብላ ቁጭ ብላ አታሰላም። ያልተገረዘች ልጅ ገና ስትታሰብ የሚመጣው ስሜት መጸየፍ ነው፤ ንጽሕት አይደለችም፣ ዕቃ ትሰብራለች፣ ባልም አታገኝም ይባላል። ምክንያት የሚመስሉት እነዚህ ቃላት የመጡት ግን ከፍርዱ በኋላ ነው። እናትየዋ ዕቃ የሰበሩ ልጆችን ቆጥራ እዚህ ውሳኔ ላይ አልደረሰችም። ፍርዱ ከእናቷ፣ ከአያቷና ከጎረቤቶቿ ፊት ሳታስበው የገባባት ነው።

የሥነ ልቦና ሊቃውንት ይህን በሌላ አገር በሌላ ታሪክ አይተውታል። ጆናታን ሃይት እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት ለአሜሪካና ለብራዚል ሰዎች አንድ ታሪክ አነበቡላቸው፦ የአንድ ቤተሰብ ውሻ መኪና ገጭቶት ሞተ፣ ቤተሰቡም አብስሎ በላው። ብዙዎች ወዲያው «ነውር ነው» አሉ። ማን ተጎዳ ሲባሉ ግን መልሱ ቸገራቸው። ሃይት በኋላ እንዳሳየው፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ የቀረበለት ሰው አንዱን ምክንያት ይሰነዝራል፤ ያ ሲፈርስ ሌላ ይፈልጋል፤ ሁሉም ሲያልቅበት «ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ብቻ ነውር ነው» ብሎ ይቆማል። ፍርዱ ግን ንቅንቅ አይልም። ልብ ፍርዱን ከጨረሰ በኋላ አእምሮ በጠበቃነት ይቀጠራል፤ ጠበቃ ደግሞ ደንበኛውን አይመረምርም።

ይህን ስታነቡ ተስፋ እንዳትቆርጡ። እ.ኤ.አ. በ2012 ጆሹዋ ግሪን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር አንድ ሙከራ አሳትሟል። ሰዎች የሚጸየፉትን ግን ማንንም ያልጎዳ ድርጊት ካቀረቡላቸው በኋላ ለከፊሎቹ ጠንካራ መከራከሪያ፣ ለከፊሎቹ ደካማ መከራከሪያ ሰጧቸው። ወዲያው ፍረዱ የተባሉት ሰዎች ጠንካራውንም ደካማውንም እኩል ቆጠሩት። ሁለት ደቂቃ ቆይተው እንዲፈርዱ የተደረጉት ግን ጠንካራውን ከደካማው ለዩት፤ ጠንካራውን የሰሙት ፍርዳቸው ለዘብ አለ። ሁለት ደቂቃ ብቻ! እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ጊዜ ብቻውን ያመጣው ለውጥ አይደለም። ሁለቱ ደቂቃዎች የሠሩት ከውጭ የመጣ ጥሩ ሐሳብ ስለነበረ ነው። ብቻውን ተቀምጦ የሚያስብ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያመርተው ለመጀመሪያው ስሜቱ ተጨማሪ ማስረጃ ነው።

የከምባታ ሰዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ በሁለት ደቂቃ ፈንታ ወራትን መውሰዳቸው ነው። የማኅበረሰብ ውይይት ይባል ነበር። ወደ ሃምሳ የሚጠጉ ሰዎች፣ ወንድና ሴት፣ ሽማግሌና ወጣት፣ በወር ሁለት ጊዜ ያህል ይሰበሰባሉ። የሠለጠኑ አወያዮች አሉ፣ ሥራቸው ግን መስበክ አይደለም። ይጠይቃሉ፣ ያዳምጣሉ፣ ዝም ያለውንም ያናግራሉ። መጀመሪያ የሚነሳው መንደሩን የሚያስጨንቀው ነገር ነው፤ ግርዛት የሚመጣው ሰዎች እርስ በርስ መደማመጥ ከለመዱ በኋላ ነው።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነው። ሴቶቹ አፍ አውጥተው ስለ ራሳቸው አካል መናገር ሲጀምሩ፣ ስለ ደም መፍሰስ፣ ስለ አስጨናቂ ምጥ፣ ስለ ሞቱ ሴት ልጆች፣ አንድ የተቀበረ ስሜት ይነሳል። እናት ልጇ ስትጮኽ ሆዷ ተላውሶ ነበር። አባት ጩኸቱን ላለመስማት ከቤት ርቆ ሄዶ ነበር። ይህም የልብ ፍርድ ነው፤ ያንኛውን መጸየፍ ያህል ፈጣን፣ ያንኛውን ያህል እውነት። ሁለቱ ስሜቶች በአንድ ልብ ውስጥ ለዘመናት አብረው ኖረዋል፤ አንዱ በአደባባይ ሲናገር ሌላው ዝም ብሏል። ቀስ ብሎ ማሰብ ስሜትን የሚያጠፋ ይመስለን ነበር። በከምባታ የሠራው ሥራ ግን ለተደበቀው ስሜት የመናገሪያ ተራ መስጠት ነው።

ያም ሆኖ ማመን ብቻውን አይበቃም ነበር። ግርዛት መጥፎ ነው ብሎ የተረዳ አባት እንኳ «የኔን ልጅ ማን ያገባታል?» ብሎ ይፈራል፤ ፍርሃቱም ልክ ነው፣ ሌሎቹ ካልተለወጡ ልጁ ቆማ ትቀራለች። ስለዚህ ውሳኔው በአደባባይ መታየት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2002 ሁለት ወጣቶች በብዙ ሕዝብ ፊት ተጋቡ። ሙሽሪት አለመገረዟን፣ ሙሽራውም ያልተገረዘች ሴት በማግባቱ መደሰቱን የሚናገር ጽሑፍ ደረታቸው ላይ አንጠልጥለው ነበር። በዚያ ቀን የታየው ሠርግ የሺህ ስብከት ያህል ሠርቷል፤ ያልተገረዘችም ታገባለችና። የወንጀል ሕጉ ግርዛትን በግልጽ የከለከለው ከዚያ በኋላ ሥራ ላይ በዋለው በ1996ቱ ሕግ፣ በአንቀጽ 565 እና 566 ነው። ቦጋለች የቤልጂየሙን የንጉሥ ቦድዋን ሽልማት ሲቀበሉ፣ በአካባቢው መቶ በመቶ ይደርስ የነበረው ግርዛት ወደ ሦስት በመቶ ገደማ መውረዱ ተነግሮላቸዋል። ቁጥሩን ምንም ያህል ብንጠራጠረው፣ በአንድ ትውልድ ውስጥ መንደሮች የአያቶቻቸውን ጽኑ ስሜት መቀየራቸው አይካድም።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ፣ ወደ ጃጁራ፣ ወደ ሆሳዕናና ወደ ዱራሜ። በሐድያም በከምባታም ገበሬው ከሸክላ ሠሪው ወገን ጋር በአንድ ማዕድ የማይቀመጥበት፣ በጋብቻም የማይዛመድበት ዘመን ረጅም ነበር። ቡናችን የሚፈላበት ጀበና፣ ወጣችን የሚሠራበት ድስት ከእነዚህ እጆች የወጣ ነው። አንድ ቤት እናስብ። ልጅ የሸክላ ሠሪ ልጅ ወድዷል፣ ማታ ለአባቱ ይነግራል።

አባት ፊቱ ይለወጣል። «እነሱ ያልታረደ ሥጋ ይበላሉ» ይላል።

«አባዬ፣ እሷ በእምነታችን ያለች ናት፤ የምንበላውን ትበላለች።»

«ዘራቸው ነው እንጂ!»

«ዘራቸው ምን አደረገ?»

«እና ሰው ምን ይለናል?»

ምክንያቶቹ እንዴት እንደተለዋወጡ ተመልከቱ። ሥጋው ሲመለስ ዘር መጣ፣ ዘር ሲጠየቅ ሰፈሩ መጣ። አባት እየዋሸ አይደለም፤ ፍርዱ ፊቱ በተለወጠበት ቅጽበት አልቋል። ምክንያት በፈረሰ ቁጥር ሌላ እየተተካ ፍርዱ ካልተነቃነቀ፣ የምትከራከሩት ከምክንያቱ ጋር እንዳልሆነ እወቁ። ይህን ምልክት በሌሎች ላይ ከማየታችሁ በፊት በራሳችሁ ላይ ፈልጉት። «አላውቅም፣ ብቻ ልቤ አልወደደውም» ያላችሁበትን ጉዳይ ያዙና ቢያንስ አንድ ሌሊት አሳድሩት።

ልጁ ያን ማታ ማሸነፍ አያስፈልገውም። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ግን ሊይዘው ይገባል፤ «ሰው ምን ይለናል» ያለ አባት የመጀመሪያውን እውነተኛ ምክንያት ተናግሯልና። የከምባታው አባት «ማን ያገባታል» እንዳለው ማለት ነው። ይህ ፍርሃት በክርክር አይፈታም። የሚፈታው አባት የሚያከብረው ሌላ ሰው፣ አጎት ወይም የእድር ሽማግሌ፣ መጥቶ «እኔ ሠርጉ ላይ እቀመጣለሁ» ሲለው ነው። ስለዚህ ልጁ በሚቀጥሉት ሳምንታት አባቱን በምክንያት ከመደብደብ ይልቅ ከእነዚያ ሰዎች ጋር አንድ በአንድ ቡና ይጠጣ። ስጋታቸውን አስቀድሞ ይስማ። ልጅቷንና እናቷን ቤት መጥተው እንዲበሉ ያድርግ። አብሮ የተበላ ምግብ ለአባትየው ከዚህ በፊት ያልነበረውን ሁለተኛ ስሜት ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚያስበው ነገር ይኖረዋል።

ይህን የምላችሁ ፈጣን ስሜት ሁሉ ይጠርጠር ለማለት አይደለም። ልጅ ወንዝ ሲገባ ያየ ሰው አሳድሮ አያስብም፣ ጎረቤቱ ሚስቱን ሲደበድብ ጩኸቷን የሰማም በሩን ከማንኳኳቱ በፊት ስብሰባ አይጠራም። ለእኔ የሚሠራልኝ መለያ ቀላል ነው። ስሜታችሁ እየተጎዳ ወዳለ ሰው እንድትሮጡ ካደረጋችሁ ሩጡ። ስሜታችሁ ማንንም ካልጎዳ ሰው እንድትርቁ ካደረጋችሁ ግን ቆም በሉ፣ ከእናንተ የተለየ የሚሰማውን አንድ ሰው ፈልጉና ከመናገራችሁ በፊት ጠይቁት። በዚህ ሳምንት የምትጠይቁትን ሰው ስም አሁኑኑ አስቡት፤ ቅዳሜ ገበያ ላይ የምታገኙት ከሆነም ቀጠሮ ያዙ።