«ያ ነገር እንዴት ሆነ?» አንዲት አጭር መልእክት እንዴት እንዳረምን



ባለፈው ረመዳን አንድ ረቡዕ ማታ የመግሪብ አዛን ሲሰማ ተምራችን ገና ከግቢው በር ውጭ ነበር። 400 የሚሆን ፆመኛ በውሃ ብቻ አፈጠረ፤ ተምሩ የገባው ሰዉ ለሶላት ሰፍ ሲይዝ ነው። ጥፋቱ የነጋዴውም የጥበቃዎቹም አልነበረም፤ የእኛ የኢፍጣር ኮሚቴ ነበር። በማግስቱ ስልኮቻችንን ይዘን ተቀመጥንና ከየት እንደተበላሸ ወደ ኋላ እያነበብን ሄድን። መጨረሻ ላይ የደረስነው ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ግዢ የያዘው ወንድማችን ትራንስፖርት ለያዘው ወንድማችን የላካት አንዲት የቴሌግራም መልእክት ላይ ነው።

«አሰላሙ ዐለይኩም አኺ። ያ ነገር እንዴት ሆነ? ዛሬ ይደርሳል ኣ?»

ላኪው ይህን ሲጽፍ ከነጋዴው ጋር ተነጋግሮ ስልኩን መዝጋቱ ነበር። ስለዚህ «ያ ነገር» ለእሱ 2 ካርቶን ተምር ነው፤ ሱቁ፣ የተከፈለው ሒሳብ፣ ሁሉም ፊቱ ላይ ነው። ተቀባዩ ግን ከላብ ወጥቶ ወደ ክፍል እየሄደ ነበር። በዚያ ሳምንት እጁ ላይ ሦስት «ያ ነገር» ነበረው፦ ተምሩ፣ በውሰት የመጣው ትልቅ ድስት እና የበር ደብዳቤው። «የቱ ነገር?» ብሎ የጻፈው 5 ሰዓት ላይ ነው። «ተምሩ» የሚለው መልስ የመጣው ከዙሁር በኋላ ነው። ከዚያ «የት ነው ያለው?»፣ «ተከፍሏል?»፣ «ስንት ነው፣ በባጃጅ ይገባል?» እያለ ቀጠለ። ጥያቄዎቹ ሁሉ ትክክለኛ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ግን የሠላሳና የአርባ ደቂቃ ዋጋ ነበራቸው። 8 ሰዓት ላይ ላኪው ክፍል ገባ። 11 ሰዓት ላይ ሲወጣ «ደብዳቤው ማን ጋር ነው?» የሚል ያልተመለሰ ጥያቄ ጠበቀው። ደብዳቤው ጸሐፊያችን ጋር ነበር፤ ጸሐፊያችን ደግሞ በዚያ ሰዓት ምንጣፍ እያነጠፈ ስልኩን አላየም። ያለ ደብዳቤ ዕቃ የጫነ ባጃጅ በግቢያችን በር አያልፍም።

መልእክቷን ስናርም መጀመሪያ የጠየቅነው፣ ላኪው የሚያውቀውና ተቀባዩ የማያውቀው ምንድን ነው የሚለውን ነው። ይህን ለማግኘት የተጠቀምንበት ዘዴ ቀላል ነው፤ የመጡትን ጥያቄዎች በተርታ ጻፍናቸው። አዲስ መልእክት ሲሆን ግን ጥያቄዎቹ ገና አልመጡም። ስለዚህ ከመላካችን በፊት ተቀባዩ አሁን የት እንደሆነና ምን ይዞ እንደሚሮጥ አስበን መልእክቱን በእሱ ዓይን እናነባለን። «ያ»፣ «እሱ»፣ «የትናንቱ»፣ «እንደተነጋገርነው» የሚሉ ቃላት ባገኘን ቁጥር ቆም ብለን የነገሩን ስም እንተካባቸዋለን። «ያ ነገር» የነበረው «ለኢፍጣር የገዛነው ተምር» ሲሆን የመጀመሪያው ጥያቄ ወዲያው ይጠፋል።

ሁለተኛው ችግር እስክንቀመጥ ድረስ አልታየንም ነበር። መልእክቷ «ይደርሳል ኣ?» ብላ ትጠይቃለች እንጂ «አምጣልን» አትልም። ላኪው የፈለገው ወንድማችን ሄዶ እንዲያመጣው ነበር፤ ማዘዝ እንዳይመስልበት ብሎ በጥያቄ ሸፈነው። ተቀባዩም ነጋዴው ራሱ የሚያደርስ መስሎት እስከ ቀትር ድረስ ባጃጅ አልፈለገም። ይሉኝታችን መልካም ነው፤ እዚህ ላይ ግን ጥያቄያችንን ደበቀው። በሱረቱ ነምል የተጠቀሰውን የነቢዩላህ ሱለይማን ዐለይሂ ሰላም ደብዳቤ ልብ ብለን እናስተውል። ከማን እንደሆነ ታውቋል፣ በአላህ ስም ይጀምራል፣ ከዚያ የሚፈለገውን በቀጥታ ይናገራል፤ ሁለት አንቀጽ ብቻ ነው። እኛም ልመናውን ወደ መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አወጣነው፤ አክብሮቱን «ታስገባልናለህ?» በሚለው አነጋገር ውስጥ አስቀረነው።

ስለ ሰላምታ አንድ ነገር እናንሳ። አንዳንዶቻችን «አሰላሙ ዐለይኩም» ብቻ ጽፈን መልሱን እንጠብቃለን። ፊት ለፊት ሲሆን የሚያምር አደብ ነው። በጽሑፍ ግን ተቀባዩ ሰላምታውን ሲመልስ ላኪው ስልኩን አስቀምጧል፤ ጉዳዩ ሳይነሳ ግማሽ ቀን ያልፋል። ሰላምታውንና ጉዳዩን በአንድ መልእክት ማድረግ ሰላምታውን አያጎድለውም።

ሦስተኛው ጊዜ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ በእኛ መካከል ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው ይህ ነውና። «ዛሬ» የሚለው ቃል ሲጻፍና ሲነበብ አንድ ቀን ላይሆን ይችላል። «12:30» ብለን ብንጽፍ አንዱ የማፍጠሪያው ሰዓት ግድም ይመስለዋል፤ የስልኩን ሰዓት የሚከተለው ደግሞ ቀን 6 ሰዓት ተኩል ብሎ ይረዳዋል። «የጁሙዓ ሌሊት» ስንል ኪታብ የቀራው ወንድማችን ሐሙስ ከመግሪብ በኋላ ያለውን ይረዳል፣ ሌሊቱ ቀኑን ይቀድማልና። ሌላው ዓርብ ማታ ይመጣል። «ከዐስር በፊት» ያልነውንም አንዱ ከአዛኑ በፊት፣ ሌላው ጀመዓው ከመስገዱ በፊት ይለዋል። መፍትሔው የቀኑን ስም፣ የቀኑን ክፍል እና ሰዓቱን አብሮ መጻፍ ነው፦ «ሐሙስ ማታ ከመግሪብ በኋላ»፣ «ረቡዕ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት»። ከቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ በሱረቱል በቀራ ያለው፣ ስለ ዕዳ መጻፍ ሲያዝ የተወሰነ ጊዜን አብሮ ይጠቅሳል። «በቅርቡ» ብሎ የተጻፈ ዕዳ እንዴት እንደሚያጣላ ሁላችንም እናውቃለን።

በዚያው ቀን የተፈጠረ ሌላ አለመግባባትም ነበር፤ ብዙዎቻችን ስናየው ሳቅን፣ ላኪው ግን አልሳቀም። 7 ሰዓት ተኩል ላይ «ባጃጁስ?» ብሎ ጠየቀ። መልሱ አንድ ቃል ነበር፦ «አልመጣም»። ተቀባዩ ባለባጃጁ እስካሁን አልመጣም ማለቱ ነው። ላኪው «እኔ አልመጣም» ብሎ አነበበውና ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሌላ ሰው ሲፈልግ ቆየ። ቃሉን በአፍ ስንናገረው «ጣ» ሲጠብቅ «እሱ አልመጣም»፣ ሲላላ «እኔ አልመጣም» ይሆናል። ፊደላችን ግን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ በላቲን ፊደል ስንጽፍም አብዛኞቻችን አንለየውም። «ይሰጣል» እና «ይበላል» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው፤ ሰጪውና የሚሰጠው፣ በዪውና የሚበላው አይለዩም። ስለዚህ በጽሑፍ ባለቤቱን መጥቀስ ግድ ይሆናል፦ «ባለባጃጁ ገና አልመጣም»። ሁለት ቃል ብቻ ነው የጨመረው።

እነዚህን ሁሉ ይዘን የመጀመሪያውን እርማት ስንጽፍ መልእክቱ የስልክ መስኮት ሙሉ ሆነ። ተምሩ ለምን ከዚያ ሱቅ እንደተገዛ፣ ሌላው ነጋዴ ስንት እንደጠየቀ፣ ስብሰባው ላይ ማን ምን እንዳለ፣ ሁሉም ገብቶ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው «በኋላ አነበዋለሁ» ብሎ ያልፈዋል፤ ውጤቱም ከአጭሩ አይሻልም። ለመቁረጥ የተጠቀምንበት መለኪያ፣ ይህ ባይኖር ወንድማችን ይቆማል ወይ የሚል ነው። የሌላው ነጋዴ ዋጋ ባይኖር አይቆምም፤ ወጣ። ደብዳቤው ማን ጋር እንዳለ ባይኖር በር ላይ ይቆማል፤ ቀረ።

አንድ ነገር ግን ለመቁረጥ ስንል ተከራከርንበት፣ በኋላም ተውነው። የ12 ኪሎው ምክንያት ነው። ለ400 ሰው በነፍስ ወከፍ 3 ፍሬ ስንል 1200 ፍሬ ይሆናል፤ አንዱን ፍሬ 10 ግራም ብንገምት 12 ኪሎ ይመጣል። ወንድማችን ይህን ሳያውቅ ቢሄድና ሱቁ ያስቀመጠልን አንድ ካርቶን ብቻ ቢሆን፣ ይዞ ይምጣ ወይስ ሌላ ሱቅ ይፈልግ ብሎ መልሶ መጠየቁ አይቀርም። ምክንያቱን ካወቀ ግን ራሱ ይወስናል። ዕቅዱ ሲፈርስ የሚያስፈልገው ይህ ነው፤ እኛ ደግሞ ያን ጊዜ ክፍል ውስጥ ነን።

በመጨረሻ የተስማማንበት ይህ ነው፦

«አሰላሙ ዐለይኩም አኺ። ለዛሬ ረቡዕ ኢፍጣር የገዛነውን ተምር ከነጋዴው ወስደህ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ግቢ ታስገባልናለህ? 2 ካርቶን ነው፣ 12 ኪሎ፤ በባጃጅ ይገባል። ሒሳቡ ተከፍሏል፤ ደረሰኙን፣ የሱቁን ቦታና የነጋዴውን ስልክ ከዚህ በታች ልኬልሃለሁ። የበር ደብዳቤው ጸሐፊያችን ጋር ነው፣ ከመሄድህ በፊት ተቀበለው። ያሰብነው ለ400 ሰው 3፣ 3 ፍሬ ነው፤ ቢጎድል ያለውን ይዘህ ና፣ በ1ና በ2 እናብቃቃዋለን። እኔ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ክፍል ነኝ፣ ስልክ አላነሳም። ካልተመቸህ እስከ 6 ሰዓት ንገረኝ፣ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

ከመጀመሪያው በብዙ እጥፍ ይረዝማል፤ ነገር ግን ያን ቀን ከተጻጻፍነው ሁሉ ያጥራል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች የጨመረችው የእህቶችን ክፍል የምታስተባብረው እህታችን ናት። «የምትጠፉበትን ሰዓት ካልነገራችሁን እየጠበቅናችሁ እንቀመጣለን» አለችን፤ ልክ ናት።

በተለማማጅነት መሥሪያ ቤት የወጣችሁ ወንድሞችና እህቶችም ይህን ትጠቀሙበታላችሁ፤ የሚለወጠው ጥቂት ነው። በዕድሜ ለሚበልጣችሁ ባልደረባ «እርስዎ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። የሶላት ወቅትን በሰዓት ትተካላችሁ፤ «ከዐስር በኋላ» የሚለው ለጎረቤት ጠረጴዛ ምንም ላይነግር ይችላልና። የፋይል ጉዳይ ከሆነም «አልከፍት አለኝ» ከማለት የፋይሉን ስም፣ የሞከራችሁትንና በስክሪኑ ላይ የወጣውን ጽሑፍ እንዳለ ትልካላችሁ።

ባለፈው ሳምንት ለሰደቃ ፕሮግራሙ ብርድ ልብስ ስናጓጉዝ በዚሁ መልክ ጽፈን ነበር። የመጣው መልስ አንድ ነው፦ «ወዐለይኩሙ ሰላም። እሺ፣ 9 ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ጋር እደርሳለሁ፤ ደብዳቤውን ተቀብያለሁ።»