ናፍቆት ነው ወይስ ድባቴ?

ዛሬ የማወራው ዓረብ አገር በሰው ቤት ስለሚሠሩ እህቶቻችን ነው።

አማኑኤል ስል አዲስ አበባ ያለው ሆስፒታል እንዳይመስላችሁ፤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ቡሬ ስትሄዱ የምታገኟትን የማቻክሏን ከተማ ነው። እዚያ አንዲት እናት ለደም ግፊታቸው መጥተው፣ መድኃኒቱን ከጻፍኩላቸው በኋላ ስልካቸውን አውጥተው "ዶክተር፣ እስቲ ልጄን አናግርልኝ" አሉኝ። ልጅቷ ሪያድ ከገባች ስምንት ወሯ ነው። ደረቷን ያፍናታል፣ ራሷን ያማታል፣ ምግብ አይወርድላትም። እዚያው ክሊኒክ ደሟም ልቧም ታይቶ ምንም አልተገኘም።

"ሁሌ ነው ወይስ የሚብስበት ቀን አለ?" አልኳት።

ዝም አለችና "በ28 ይብስብኛል" አለችኝ። በ28 አማኑኤል ነው፤ እናቷ ከቤተ ክርስቲያን በቪዲዮ ይደውሉላታል። በማግስቱ ግን ይለቃታል፤ ጎረቤት ከምትሠራ ኬንያዊት ጋር ስትስቅ ትውላለች።

ይቺ መልስ ብዙ ነገረችኝ። ናፍቆት ቀስቃሽ አለው፣ መጥቶም ይሄዳል። ሕመሙ ደግሞ የውሸት አይደለም፤ ጭንቀት ጡንቻን ይወጥራል፣ ጨጓራንም ይረብሻል። ድባቴ ግን ቀን አይመርጥም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል ከከፋችሁ፣ ወይም ደስ ይላችሁ የነበረው ሁሉ ካስጠላችሁ፣ እንቅልፍና ምግብም ከተዛባ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ሳዑዲ ያላችሁ በ997 አምቡላንስ ጥሩ።

ከዚያ ስለ እንቅልፏ ጠየቅኳት። ሥራ የምትጨርሰው ከሌሊቱ 5 ሰዓት ነው፤ በኢሞ እስከ 8 ሰዓት ከቤት ታወራለች፤ 11 ሰዓት ላይ ትነሣለች። በቀን ሦስት ሰዓት እንቅልፍ! የማንን ራስ አያምም? ስልኩም ቢሆን አብዛኛው ለቅሶና የዕዳ ወሬ ነበር።

በሥራ ቀን አሥር ደቂቃ ብቻ፣ ረጅሙ ወሬ ዕረፍቷ በሆነው ዓርብ እንዲሆን ተስማማን። እናትየው ተቆጡ፤ "ታዲያ ልጄን ላላናግራት ነው?" አሉ። እኔም "ያናግሯት እንጂ፤ ላሟ መውለዷን፣ ጤፉ እንዴት እንደያዘ ይንገሯት" አልኳቸው። (ከባድ ሕመም ወይም ሞት ግን አትደብቁ። ኋላ ስታውቅ ሌላውንም ወሬ አታምናችሁም።) ለልጅቷም ከኬንያዊቷ ጋር በሳምንት አንዴ አብራ ሻይ እንድትጠጣ ነገርኳት። በቋንቋ እምብዛም ባይግባቡም፣ አጠገብ ያለ አንድ ሰው በስልክ ያሉ አሥር ሰዎች የማይሰጡትን ይሰጣል። የእንቅልፍ ኪኒን ከጓደኛ እንዳትቀበልም አስጠነቀቅኳት።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ችግሩ ናፍቆት ሲሆን ነው። የምትመታ፣ ደመወዟ የተያዘባት፣ ከቤት እንዳትወጣ የተቆለፈባት ልጅ "ናፍቆት ነው፣ ይለቅሻል" አትባልም፤ የሚያስፈልጋት ከዚያ ቤት መውጣት ነው።

እናትየው በወሩ ለግፊታቸው ተመልሰው መጡ። ራስ ምታቱ ለቋታል፣ መብላትም ጀምራለች። በ28 ግን አሁንም ታለቅሳለች።