ፓስኪይ የፊሺንግ ጥቃትን የሚቋቋምበት ምክንያት

የይለፍ ቃል ተጠቃሚውና ሰርቨሩ የሚጋሩት ምስጢር በመሆኑ፣ ተጠቃሚው በተሳሳተ ገጽ ላይ ከጻፈው በአጥቂው እጅ ይወድቃል። በፓስኪይ ግን የሚጋራ ምስጢር የለም፤ በምዝገባ ጊዜ ጥንድ ቁልፎች ይፈጠሩና ይፋዊው ቁልፍ ለሰርቨሩ ሲሰጥ ምስጢራዊው በተጠቃሚው ዘንድ ይቆያል።

ልዩነቱን በአንድ ምሳሌ ማሳየት ይቻላል። ተጠቃሚው በ example.com ተመዝግቧል እንበል። አጥቂው አንዱን ፊደል በቁጥር 1 ተክቶ examp1e.com የተባለ አስመሳይ ገጽ ይከፍታል፤ የሚጻፍለትንም ሁሉ ወዲያውኑ ወደ እውነተኛው ሰርቨር ያስተላልፋል። በዚህ መንገድ የይለፍ ቃል ብቻ ሳይሆን በስልክ መልእክት የሚላክ ኮድም ጊዜው ሳያልፍ ለአጥቂው ያገለግላል። ፓስኪይ ግን ከተመዘገበበት ዶሜይን ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፣ ብሮውዘሩ በአስመሳዩ ገጽ ላይ አያቀርበውም። ከዚህም በላይ፣ ሰርቨሩ ለአንድ ጊዜ የሚልከው የዘፈቀደ ቁጥር የሚፈረመው ብሮውዘሩ ራሱ ከሚመዘግበው የገጽ አድራሻ ጋር ነው፤ አድራሻው ካልተዛመደ ሰርቨሩ ፊርማውን ውድቅ ያደርጋል። አድራሻን የማመሳከር ኃላፊነት በዚህ ሁኔታ በሰው ዓይን ላይ ብቻ የተጣለ አይደለም።

ጥበቃው ግን ገደብ አለው። ሰርቨሩ የይለፍ ቃልን እንደ አማራጭ መግቢያ ክፍት ከተወ፣ አስመሳዩ ገጽ ተጠቃሚውን ወደዚያው ሊመራው ይችላል። ተጠቃሚው ከገባ በኋላ በማልዌር የሚሰረቅ ኩኪንም ፓስኪይ አይከላከልም።