ክርንና ጉልበት ላይ የሚወጣው ሶሪያሲስ፦ ቅባት የሚበቃው መቼ ነው? ኪኒንስ መቼ?

ከወልቂጤና ከቡታጅራ የምትልኩልኝ የቆዳ ፎቶዎች ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ናቸው። ሁለቱም ክርኖች ወይም ሁለቱም ጉልበቶች ላይ ወፈር ያለ፣ ዳር ድንበሩ የሚለይ፣ ከላዩ ነጭ ቅርፊት የሚረግፍለት ነገር። "ዶክተር፣ ጭርት ነው ተብዬ ለወራት ቀባሁ፣ አልለቀቀኝም" የሚል መልእክትም አብሮ ይመጣል። ዛሬ ስለዚህ እናውራ።

ጭርት የፈንገስ በሽታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ክብ ሆኖ ይሰፋል፣ ዳሩ ይቆጣል፣ መሃሉ ግን እየጠራ ይሄዳል፤ ደግሞ በአንድ ጎን ብቻ ሊወጣ ይችላል። ሶሪያሲስ መሃሉም እንደ ዳሩ ወፍራም ነው፣ ቀኝ ክርን ላይ ካለ ግራውም ላይ መኖሩ የተለመደ ነው። ጸጉራችሁ ውስጥ "ፎሮፎር" የምትሉት ወፍራም ቅርፊት ካለ፣ ጥፍራችሁ ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ ትንንሽ ጉድጓዶች ካሉ ጥርጣሬው ይጠነክራል። መጽሐፍ ላይ "ቀይ ነው" ይላል፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግን ወይን ጠጅ ወይም ጠቆር ያለ ቡናማ ሆኖ ነው የሚታየው። መቅላቱን የሚጠብቅ ሰው ያልፈዋል።

ምንድነው የሚሆነው? ጤነኛ ቆዳ ራሱን ለማደስ አንድ ወር ገደማ ይፈጅበታል። ሶሪያሲስ ላይ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ያለ ምክንያት ይቆጣና ቆዳው በጥቂት ቀናት ውስጥ እንዲመረት ያደርገዋል። ያልበሰለው ቆዳ ተደራርቦ ቅርፊት ይሆናል ማለት ነው። አይተላለፍም። በፎጣም፣ በመጨባበጥም፣ አብሮ በመብላትም አይያዝም። ክትፎና ቅቤም አያመጡትም (ይሄ በጣም ነው የምጠየቀው)፤ የሰውነት ክብደት ሲበዛ ግን ይብሳል።

ለምን ክርንና ጉልበት? አንዱ ምክንያት መፋተግ ነው። ሶሪያሲስ ያለበት ሰው ቆዳው ሲላጥ፣ ሲቆረጥ ወይም ሲፋተግ እዚያው ቦታ ላይ አዲስ ይወጣል። ስለዚህ ቅርፊቱን በድንጋይ ወይም በጥፍር ፈግፍጎ ማንሳት መመገብ ነው። በስግደት ጉልበታችሁ የሚጎዳ ከሆነ ለስለስ ያለና ወፈር ያለ ምንጣፍ ያግዛል፤ ስግደቱን ማቆም አያስፈልግም። ሌሎቹ ቀስቃሾች የጉሮሮ ሕመም፣ ከባድ ጭንቀት፣ አልኮልና ሲጋራ ናቸው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን መድኃኒትም እንደሚቀሰቅስ ነው። ወደ ጊቤ ቆላ ወርደው ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት የያዛቸው ሰዎች ክሎሮኪን ይሰጣቸዋል፤ ይህ መድኃኒት ሶሪያሲስን ከሳምንታት በኋላ ሊያባብስ ይችላል። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሊቲየም፣ ለእንቅርት፣ ለደም ግፊት ወይም ለራስ ምታት የሚሰጠው ፕሮፕራኖሎልም እንዲሁ። አደራ፣ በዚህ ምክንያት መድኃኒት በራሳችሁ እንዳታቋርጡ! ወባ ይገድላል፣ ሶሪያሲስ ክርን ላይ ይቆያል። ለሐኪሙ "ሶሪያሲስ አለብኝ" ብላችሁ መናገር በቂ ነው፤ አማራጭ ካለ እሱ ይመርጣል።

አሁን ወደ ሕክምናው እንምጣ። አንድ የወልቂጤ ልብስ ሰፊ እናስብ። ክርኑን ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ያስደግፋል። ሁለት ክርን፣ ሁለት ጉልበት ላይ አለበት፣ እያንዳንዱ የግማሽ መዳፉን ያህል ነው። ሲደመር ሁለት መዳፍ። የአንድ ሰው መዳፍ ከነጣቶቹ የሰውነቱ 1 በመቶ ገደማ ስለሆነ የተያዘው 2 በመቶ ብቻ ነው። ይህ የቅባት ሥራ ነው፣ ኪኒን አያስፈልገውም።

ሐኪሙ ክሎቤታሶል የተባለ ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት ጠዋትና ማታ ለሁለት ሳምንት አዘዘለት እንበል። ስንት ይቀባ? ከቱቦው ተጨምቆ ከአመልካች ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የሚደርስ ቅባት ግማሽ ግራም ነው፤ ሁለት መዳፍ ይሸፍናል። ስለዚህ ለአራቱም ቦታ በአንድ ጊዜ አንድ ጣት ጫፍ ይበቃዋል። በቀን 1 ግራም፣ በሁለት ሳምንት 14 ግራም፣ ማለትም አንድ ባለ 15 ግራም ቱቦ። ቱቦው ከሁለት ወር በኋላም ካላለቀ በጣም ትንሽ እየቀባ ነው፣ "አልሠራም" የሚለው ለዚህ ነው። በአራት ቀን ካለቀ ደግሞ በዝቷል።

ቅርፊቱ ወፍራም ከሆነ መድኃኒቱ አያልፍም። ማታ ቫዝሊን ቀብቶ ማለስለስ ወይም ሳሊሲሊክ አሲድ ያለበት ቅባት መጨመር ይጠቅማል። ክሎቤታሶልን ፊት፣ ብብትና ብልት አካባቢ እንዳትቀቡ፣ ቆዳውን ያሳሳል።

መቼ ነው የሚቆመው? በዓይን ሳይሆን በጣት እዩት። ቆዳው ሲዳሰስ ልስልስና ጠፍጣፋ ከሆነ በሽታው ተኝቷል። ጠቆር ያለው ምልክት ግን ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ ያ ጠባሳ መሰል ቀለም እንጂ በሽታ አይደለም። እሱን ለማጥፋት ስቴሮይድ መቀባት የቀጠሉ ሰዎች ቆዳቸው ሲሳሳና ሲሸነታተር አያለሁ። ከተኛ በኋላ ሐኪማችሁ ከፈቀደ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ መቀባት፣ በየቀኑ ቫዝሊን።

ታዲያ ሰውነት ውስጥ ገብቶ የሚሠራ መድኃኒት ለማን ነው? ከአሥር መዳፍ በላይ ለተያዘ፣ መገጣጠሚያው ለሚያብጥ፣ ወይም መዳፉና ውስጥ እግሩ ተይዞ ሥራ ለከለከለው። ቅባት የተቀባበት ቦታ ላይ ይሠራል፤ ኪኒኑ ደግሞ የተቆጣውን የመከላከያ ሥርዓት በመላ ሰውነት ያበርደዋል። ስለዚህ ጉበትን፣ መቅኔንና ኢንፌክሽን የመከላከል አቅምንም ይነካል። በአገራችን በብዛት የሚታዘዘው ሜቶትሬክሴት ነው።

ሜቶትሬክሴት የሚዋጠው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው! ለምሳሌ ባለ 2.5 ሚሊግራም አራት ፍሬ ቅዳሜ ከተዋጠ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ አይነካም፤ በሌላ ቀን ፎሊክ አሲድ ይሰጣል። በየቀኑ የዋጠ ሰው አፉ ይቆስላል፣ የደም ሕዋሶቹ ይወርዳሉ፣ ሕይወቱንም ሊያጣ ይችላል። ከመጀመሩ በፊት የደም ቆጠራ፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ፣ የኤችአይቪና የሄፓታይተስ ምርመራ፣ የቲቢ ማጣራት ይደረጋል፤ የደም ምርመራው በኋላም ይደጋገማል። ለነፍሰ ጡር ፈጽሞ አይሰጥም፤ ልጅ ያሰቡ ሴቶችም ወንዶችም አስቀድመው ይንገሩ። ከአረቄና ከጠላ ጋር ጉበት ይጎዳል። ኮትሪሞክሳዞልን ከሜቶትሬክሴት ጋር መውሰድ መቅኔን በአደገኛ ሁኔታ ይጎዳል፤ ለተቅማጥ ወይም ለሽንት ብላችሁ ከመደርደሪያ እንዳትገዙ። ለውጡ የሚታየው ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ነውና በሁለተኛው ሳምንት ተስፋ አትቁረጡ።

ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታሶን በኪኒንም ሆነ በመርፌ ግን ለሶሪያሲስ አይሆንም። በሳምንት ውስጥ ያጸዳዋል፣ ሰው ይደሰታል። ሲቆም ሶሪያሲሱ ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል፣ አንዳንዴም መላ ሰውነት ይለበልባል ወይም በመግል በተሞሉ ትንንሽ እብጠቶች ይሸፈናል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከዚህ ጋር ከመጣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ። ጠዋት ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚቆይ የጣት መገታተርና እብጠት ካለም አትዘግዩ፣ መገጣጠሚያ አንዴ ከተበላ አይመለስም። ድንገት በመላ ሰውነት የፈነዳ ሶሪያሲስ ያለበት ሰው ደግሞ የኤችአይቪ ምርመራ ያድርግ። ከአካባቢያችሁ ሆስፒታል አልፎ የቆዳ ስፔሻሊስት ካስፈለገ አዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል አለ፤ ስትሄዱ የተጠቀማችሁባቸውን ቱቦዎችና የኪኒን ማሸጊያዎች በሙሉ ይዛችሁ ሂዱ።