ልዩ ልዩ መልክ ያላቸውን የመኸር ወረቀቶች ወደ አንድ ንጹሕ መዝገብ ስለ ማግባት

ከየወረዳው የሚመጣው የመኸር ወረቀት እንደ ጸሐፊው ልማድ መልኩ ልዩ ልዩ ነው። አንዱ ሠንጠረዥ አስምሮ ይጽፋል፤ ሌላው በተራ ይዘረዝራል፤ ሌላውም ደብዳቤ አድርጎ ይልካል። እያንዳንዱ ወረቀት ለብቻው ሲነበብ ነገሩ ግልጥ ነው። ችግር የሚነሣው ሁሉንም ባንድነት ደምሮ በዚህ አገር ምን ያህል እህል ተገኘ ብሎ መጠየቅ በመጣ ጊዜ ነው። ድምሩ የተሳሳተ እንደ ሆነ ዘርና ርዳታ እህል ወደ ጠገበው ወረዳ ይጫናል፤ የተራበውም ወረዳ በወረቀት ላይ ጥጋበኛ ሆኖ ይታያል።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት ሦስት ወረቀት እንውሰድ። የመጀመሪያው ከደጋ ወረዳ የመጣ ነው። በእያንዳንዱ ረድፍ አንድ ገበሬ ተጽፏል፤ ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ ደግሞ ለየብቻቸው ዐምድ ተሰጥቷቸው በኩንታል ተቈጥረዋል። አንደኛው ገበሬ ጤፍ 8፣ ስንዴ 5 አለው፤ የገብሱ ስፍራ ባዶ ነው። ሁለተኛው ጤፍ 6፣ ስንዴ 9፣ ገብስ 4 አለው። ሦስተኛው ጤፍ 7፣ ገብስ 3 አለው፤ የስንዴው ስፍራ ባዶ ነው። ከታች ድምር ተብሎ 21፣ 14 እና 7 ተጽፏል። ሁለተኛው ወረቀት ከወይና ደጋ የመጣ ሲሆን የአንድ ቀበሌን እህል ባንድነት ይነግራል፤ ይኸውም ጤፍ 60 ዳውላ፣ ገብስ 50 ዳውላ ይላል። ሦስተኛው ሰፊ እርሻ ያለው አንድ ሰው የጻፈው ደብዳቤ ነው። ማሽላው 12 ኩንታል እንደ ሆነ፣ ጤፉን በረዶ መትቶት ምንም እንዳልተገኘ፣ ስንዴውም ገና እንዳልተወቃ ይናገራል።

ብዙ ጸሐፊ የመጀመሪያውን ወረቀት ሠንጠረዥ መልካም ሆኖ ስላገኘው ሌሎቹን በዚያ ልክ ሊጽፍ ይጀምራል። ይህ መንገድ ሩቅ አያስኬድም። ማሽላ ሲመጣ አዲስ ዐምድ ሊጨምር ነው፤ ከሌላ ወረዳ ዳጉሳ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ዐምድ ይጨምራል፤ መዝገቡም ወደ ጎን እየሰፋ አብዛኛው ስፍራ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ዐምድ ከማስመር በፊት አስቀድሞ መቈረጥ ያለበት ነገር አለ፤ እርሱም አንድ ረድፍ ምን ማለት እንደ ሆነ ነው። ለመኸር መዝገብ የሚሻለው አንድ ረድፍ የአንድ ተቈጣሪ፣ የአንድ ሰብልና የአንድ ወቅት ምርት ብቻ እንዲይዝ ማድረግ ነው። የሰብሉ ስም የዐምድ አርእስት መሆኑ ይቀርና በዐምድ ውስጥ የሚጻፍ ቃል ይሆናል። አዲስ ሰብል ቢመጣ ረድፍ ይጨመራል እንጂ መዝገቡ አይለወጥም። በዚህ ሥርዐት የመጀመሪያው ወረቀት 3 ገበሬዎች በ3 ሰብል ተባዝተው 9 ረድፍ ይሆናል፤ ሁለተኛው 2፣ ደብዳቤውም 3 ረድፍ ይሆናል፤ ሁሉም 14 ነው።

ተቈጣሪ ያልነው በመጀመሪያው ወረቀት ገበሬ፣ በሁለተኛው ቀበሌ፣ በሦስተኛው አንድ እርሻ ነው። ስለዚህ ተቈጣሪው ከእነዚህ የትኛው እንደ ሆነ የሚናገር ዐምድ ያስፈልጋል። ይህ ዐምድ ከሌለ የአንድ ገበሬ 8 ኩንታልና የአንድ ቀበሌ 60 ዳውላ እንደ እኩያ ተቈጥረው አማካይ ይወጣላቸዋል፤ ያም አማካይ የማንም አይደለም። የቀበሌውን እህል በገበሬዎቹ ቍጥር አካፍሎ ለየሰዉ ማደል ደግሞ ያልታየ ነገር መፍጠር ነው። ባንድነት የመጣ ባንድነት ይቀመጥ። የዚያው ቀበሌ ገበሬዎች ስም በስም ተጽፈው በሌላ ወረቀት ቢመጡም ከሁለቱ አንዱ ብቻ ይደመራል።

ከዚህ ቀጥሎ እጅግ ጥንቃቄ የሚሻው መስፈሪያው ነው። በብዙ ስፍራ 20 ቁና አንድ ዳውላ ይባላል፤ ነገር ግን ቁናው ራሱ ካገር አገር ይለያያል። ከዚህም በላይ ቁና የሚሰፍረው ይዘትን እንጂ ክብደትን አይደለም፤ ባንድ ቁና የተሰፈረ ጤፍ በዚያው ቁና ከተሰፈረ ገብስ ይከብዳል። እንግዲህ ጸሐፊው ዳውላን በልማድ አንድ ኩንታል ነው ብሎ ቢገለብጥ ስሕተቱ ከዐይን ይሰወራል፤ ከተገለበጠ በኋላም መነሻው ምን እንደ ነበረ የሚያውቅ አይኖርም።

መፍትሔው መጠኑን በሁለት ስፍራ መጻፍ ነው። አንደኛው ዐምድ ቍጥሩን በወረቀቱ እንዳለ፣ ሁለተኛው የመስፈሪያውን ስም እንዲሁ እንዳለ ይቀበላል። ሦስተኛው ዐምድ በኪሎ የተመለሰውን ይይዛል፤ ይህንም ገልባጩ ጸሐፊ አይሞላውም። ለብቻው ትንሽ የመስፈሪያ መዝገብ ይሠራና በዚያ ወረዳው፣ ሰብሉ፣ መስፈሪያውና ክብደቱ ይጻፋል። ክብደቱም የሚገኘው ከዚያው ገበያ ቁና ተወስዶ፣ በየሰብሉ ተሞልቶ፣ በሚዛን ሲመዘን ነው። በምሳሌያችን ወረዳ አንድ ቁና ጤፍ 5 ኪሎ፣ አንድ ቁና ገብስ 4 ኪሎ መዘነ እንበል። አንድ ዳውላ ጤፍ 100 ኪሎ፣ አንድ ዳውላ ገብስ 80 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ 60 ዳውላው ጤፍ 6000 ኪሎ ነው፤ 50 ዳውላው ገብስ ግን 4000 ኪሎ ብቻ ነው። ሚዛኑ በኋላ ቢታረም በትንሹ መዝገብ አንድ ቍጥር ይለወጣል፤ በኪሎ የተመለሰውም ሁሉ እንደ ገና ይሰላል፤ በወረቀቱ እንደ ነበረ የተገለበጠው ግን አይነካም።

የመሬት ስፋትም እንዲሁ ነው። በቀድሞ መዝገብ ላይ «2 ጋሻ ለም» የሚል ይገኛል። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅ መሬትን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ ይለይ ነበርና በዚህ አጭር ቃል ሦስት ነገር ተጨምቋል፤ ቍጥሩ፣ መለኪያውና የመሬቱ ደረጃ ናቸው። ሦስቱም ለየራሳቸው ዐምድ ይሻሉ። ጋሻ 40 ሄክታር ነው ሲባል ይሰማል፤ ነገር ግን እንደ አገሩና እንደ መሬቱ ልማት ይለያይ ስለ ነበረ፣ ያለ አገሩ ማስረጃ ወደ ሄክታር መመለስ አይገባም።

ስለ ወቅት ደግሞ እነሆ። የመኸር እህል በሰኔና በሐምሌ ይዘራል፤ የሚሰበሰበው ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ በመካከሉ መስከረም ገብቶ ዓመቱ ይለወጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ወረቀት «የ2016 መኸር» ሲል፣ ሁለተኛው «በ2015 ክረምት የተዘራ» ሲል፣ ደብዳቤውም በፈረንጅ አቈጣጠር 2023 ብሎ ሲጽፍ ሦስቱ የሚናገሩት ስለ አንድ መከር ነው። ዝም ብሎ የገለበጠ ሰው ሦስት ዓመት አድርጎ ይለያያቸዋል። የሚሻለው ደንብ ወቅቱን ሁልጊዜ እህሉ በተሰበሰበበት በኢትዮጵያ ዓመት መጥራት ነው። የአገሪቱ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በሰብል ጥናቱ ከመስከረም እስከ የካቲት የተሰበሰበውን መኸር፣ ከመጋቢት እስከ ነሐሴ የተሰበሰበውን በልግ ብሎ ይለያል፤ ይህንኑ መከተል ወደ ፊት ከእርሱ ቍጥር ጋር ለማስተያየት ይረዳል። በዚህ ደንብ ሦስቱም ወረቀቶች «2016 መኸር» ይባላሉ።

የባዶ ስፍራ ነገር ከሁሉ ይልቅ ይናቃል፤ በእኔ አስተያየት ግን ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት ከዚህ ይመጣል። በደብዳቤው ጤፍ ተዘርቶ ምንም አልተገኘም፤ ይህ እውነተኛ ዜሮ ነው፤ 0 ተብሎ ይጻፋል፤ ምክንያቱም በረዶ ተብሎ ይመዘገባል። ስንዴው ገና አልተወቃም፤ ይህ ዜሮ አይደለም፤ የመጠኑ ዐምድ ባዶ ይቀርና በሁኔታው ዐምድ «አልተወቃም» ይባላል። በደጋው ወረቀት ያሉት ሁለት ባዶዎች ደግሞ አልተዘራም ማለት ይሁኑ ወይም አልተሰፈረም ማለት ይሁኑ ከወረቀቱ አይታወቅም፤ ስለዚህ «አልተጻፈም» ተብለው ወደ ወረዳው ጥያቄ ይላካል። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ገብስ ከ2 ገበሬዎች 7 ኩንታል ከተገኘ ለአንዱ 3 ኩንታል ተኩል ይደርሳል፤ ባዶውን ዜሮ ብለን በ3 ብናካፍል ግን ከ2 ኩንታል ጥቂት ብቻ የሚበልጥ ይሆናል፤ ወረዳውም መከሩ የከሸፈበት ይመስላል።

ስለ ስሞች ብዙ መናገር አያሻም። አንኮበርና ዐንኮበር፣ ሐይቅና ኀይቅ ለሚያነብ ሰው አንድ ናቸው፤ በፊደል ተራ ለሚለይ ኮምፒዩተር ግን አራት አገር ናቸው። ስለዚህ ለየወረዳውና ለየሰብሉ አንድ የተቈረጠ አጻጻፍ ያለው ዝርዝር ተዘጋጅቶ በመዝገቡ የሚገባው ከዚያ ዝርዝር ብቻ ይሁን። አንዱ አገር ቦሎቄ የሚለውን ሌላው አደንጓሬ ይለዋልና ዝርዝሩ ይህንም ያገናኝ። ዘንጋዳን ግን ማሽላ ነው ብሎ ከመደምሰስ የጻፈውን ወረዳ መጠየቅ ይገባል።

በመጨረሻም በእያንዳንዱ ረድፍ የወረቀቱ ቍጥርና በወረቀቱ ላይ ያለበት መስመር ይጻፍ። በዚህ ዐምድ አማካይነት መዝገቡ ይመረመራል፤ ይኸውም ከአንድ ወረቀት የመጡት ረድፎች ተደምረው በዚያው ወረቀት ግርጌ ካለው ድምር ጋር ይመዛዘናሉ። የደጋው ወረቀት ረድፎች 42 ኩንታል ይሆናሉ፤ ግርጌውም 21፣ 14 እና 7 ተደምሮ 42 ነውና ተስማምቷል። በመዝገቡ 84 የተገኘ እንደ ሆነ ግን፣ ልክ እጥፍ መሆኑ ምልክት ነውና፣ ጸሐፊው የድምሩን ረድፍ እንደ አራተኛ ገበሬ ገልብጦታል። በዚህ ሥርዐት የሦስቱ ወረቀቶች እህል 42፣ 100 እና 12 ኩንታል ሆኖ ባንድነት 154 ኩንታል ነው። ድምሩን እንደ ገበሬ ቈጥሮ ዳውላንም ሁሉ እንደ ኩንታል የያዘ ሰው ግን 206 ያገኛል። ከሌለው 52 ኩንታል ውስጥ 42ቱ ከድምሩ ረድፍ፣ 10ሩ ከገብሱ ዳውላ የመጡ ናቸው።

ስንዴው ተወቅቶ ባለ እርሻው ሁለተኛ ደብዳቤ በላከ ጊዜ የቀድሞው ረድፍ አይፋቅም። አዲሱ መጠን በአዲስ ረድፍ ከአዲሱ ደብዳቤ ቍጥር ጋር ይገባል፤ የፊተኛውም ረድፍ በሁኔታው ዐምድ «ተተካ» ይባልና ከድምር ይወጣል። የደጋው ወረዳ ስለ ሁለቱ ባዶዎች መልስ ሲሰጥም እንዲሁ ይደረጋል።