የአንድ ደቂቃ የምዝገባ ማስታወቂያ፦ በሥልጠና ማዕከል የቪዲዮ ጽሑፍ ውስጥ የተስፋ ቃል ባለቤት

በጎንደር ከተማ ፒያሳ አካባቢ የኮምፒውተርና የሒሳብ አያያዝ ሥልጠና የሚሰጡ ማዕከላት አዲስ ዙር በጀመሩ ቁጥር አጭር የማስታወቂያ ቪዲዮ ያሠራሉ። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ቀረጻውን ሳይሆን ከቀረጻው በፊት የሚጻፈውን፣ ተናጋሪው የሚያነበውን ጽሑፍ ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ አንድ ነው፤ በእንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ውስጥ አሳሳች የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ግልጽ ውሸት ሳይሆን ባለቤት የሌለው የተስፋ ቃል ነው፤ የአማርኛ ሰዋስውም ለዚህ የተመቸ መደበቂያ አለው።

ለማብራሪያ የሚከተለው ምሳሌ ይወሰድ። ምሳሌው የዘርፉን የተለመደ አነጋገር ይዞ ለዚህ ጽሑፍ የተዘጋጀ እንጂ የየትኛውም ማዕከል አይደለም።

«ፒያሳ በሚገኘው ማዕከላችን፣ በዘመናዊ መሣሪያዎች፣ በብቁ አሠልጣኞች፣ በተግባር የተደገፈ የኮምፒውተርና የፒችትሪ ሥልጠና ከታወቀ ሰርተፍኬትና ከሥራ ዕድል ጋር ለአዲሱ ዙር መስጠት ጀምረናል። ቦታው ሳይሞላ ፈጥነው ይመዝገቡ።»

በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «መስጠት ጀምረናል» ከሚለው ግስ በፊት 19 ቃላት አሉ። በአማርኛ ግሱ የሚመጣው በመጨረሻ ስለሆነ፣ አድማጩ ማን ምን እንደሚያደርግ ሳያውቅ 19 ቃላት ተሸክሞ መቆየት ይኖርበታል። መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል፤ ቪዲዮ የሚያይ ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይመለስም። በዚያ ላይ «አሠልጣኞች» ሲባል አሠልጣኝ፣ «ሰርተፍኬት» ሲባል ወረቀት እየታየ ምስሉ ይቀያየራል፤ ግሱ ሲደርስ የቀረው ምስል የስልክ ቁጥር ብቻ ነው። በተመልካቹ አእምሮ የሚቀሩት የተበታተኑ ስሞች ናቸው።

ዋናው ችግር ግን «ጋር» በምትለው ትንሽ ቃል ላይ ነው። «ከሥራ ዕድል ጋር» የሚለው ሐረግ ግስ የለውም። ማን ያስቀጥራል? መቼ? ስንቱን? ለእነዚህ ጥያቄዎች ሰዋስው መልስ አያስገድድም። ማዕከሉ ቢጠየቅ «ሥራ እንሰጣለን አላልንም» ሊል ይችላል፤ እውነትም አላለም። ተመልካቹ የሰማው ግን ተስፋ ነው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ስለሆነም ጽሑፉን የሚያዘጋጀው ሰው መመዘን ያለበት ቃላቱ ምን አሉ የሚለውን ብቻ ሳይሆን አድማጩ ምን ይረዳል የሚለውንም ነው።

«የታወቀ ሰርተፍኬት» የሚለውም ተመሳሳይ ነው፤ «የታወቀ» ተገብሮ በመሆኑ ያወቀው አካል አይነገርም። በአገራችን የቴክኒክና ሙያ ሥርዓት ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች አሉ። አንደኛው ሥልጠናውን መከታተልን የሚመሰክር፣ ማዕከሉ ራሱ የሚሰጠው ነው። ሁለተኛው በተለምዶ «ሲኦሲ» የሚባለው የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ሲሆን፣ በሙያ ደረጃ ላይ ተመሥርቶ ተመዝኖ ብቁ ለተባለ ሰው በመንግሥት የምዘና አካል በኩል የሚሰጥ ነው። ማዕከል ለምዘና ሊያዘጋጅ ይችላል፤ ማረጋገጫውን ግን ራሱ አይሰጥም። ሁለቱን በአንድ «ሰርተፍኬት» ቃል መጠቅለል ለማስታወቂያ ጸሐፊው ሁለት ሰከንድ ያተርፍለታል። ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ፣ ጎንደር ቤት ተከራይታ ለምትማር ወጣት ግን ልዩነቱ የሚገለጠው የሥራ ማመልከቻ ስታስገባ ነው።

የጽሑፉ ማሻሻያ የሚጀምረው እያንዳንዱን ተስፋ ከባለቤቱና ከግሱ ጋር አጭር ዓረፍተ ነገር በማድረግ ነው። የሥልጠናው ርዝመት ለሦስት ወር፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት ነው እንበል። ሦስት ወር 12 ሳምንት ያህል ስለሆነ ጠቅላላው 72 ሰዓት ይሆናል። «ሦስት ወር» ረጅም ይመስላል፤ «72 ሰዓት» ግን መጠኑን ያሳያል። ሁለቱም መነገር አለባቸው የሚል አቋም አለኝ። ጽሑፉም እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ይህ የአንድ ሱቅ የወር ደረሰኝ ነው። በሥልጠናው መጨረሻ ይህን በፒችትሪ ትመዘግባላችሁ፤ የወሩንም ሒሳብ ትዘጋላችሁ። ሥልጠናው ሦስት ወር ይፈጃል፤ በጠቅላላው 72 ሰዓት ነው። ስትጨርሱ ማዕከላችን የተሳትፎ ሰርተፍኬት ይሰጣችኋል። የብቃት ምዘና የምንሰጠው እኛ አይደለንም፤ መመዘን የሚፈልግ ግን እንዴት እንደሚመዘገብ እናሳያለን። ሥራ አናስቀጥርም፤ ሥራውን እናስተምራለን።»

እዚህ ላይ ምስሉና ድምፁ አብረው ይሄዳሉ። «ደረሰኝ ነው» ሲባል ደረሰኝ፣ «ትመዘግባላችሁ» ሲባል በመዝገቢያው ገጽ ላይ የሚጽፉ ጣቶች ይታያሉ። ግሱ በየአምስትና ስድስት ቃሉ ስለሚመጣ ቀራጩም የት እንደሚቆርጥ ያውቃል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር የማዕከል ባለቤቶችን እንደሚያስፈራ ግልጽ ነው፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ተፎካካሪ «ከሥራ ዕድል ጋር» እያለ ነውና። ሙግቱ ቀላል አይደለም። ሆኖም የሥራውን ተስፋ የሚተካ ነገር አለ፤ እርሱም ሠልጣኝ ደረሰኙን ይዞ ሒሳብ ሲዘጋ ማሳየት ነው። ዘመናዊ ኮምፒውተር ማንም ያሳያል፤ የተዘጋ ሒሳብ ለማሳየት ግን በእርግጥ ማስተማር ያስፈልጋል።

የአድራሻ አጠራርም ሳይታሰብበት የሚታለፍ ጉዳይ ነው። አማርኛ በነጠላ ሲያዝ «ተመዝገብ» ወይም «ተመዝገቢ» ብሎ ፆታ እንዲመረጥ ያስገድዳል። «ተመዝገቡ» ሁሉንም ይይዛል፤ «ይመዝገቡ» ደግሞ የአክብሮት ነው። በመጀመሪያው ምሳሌ «ይመዝገቡ» የተባለው ማን ነው? ክፍያውን የሚከፍለው ወላጅ ከሆነ የሚሠለጥነው እርሱ አይደለም፤ ትክክለኛው «ልጅዎን ያስመዝግቡ» ነው። አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው መዝለቅ ይሻላል። ሁለቱንም ማናገር ካስፈለገ ሁለት ቪዲዮ መሥራት እንጂ በአንዱ ውስጥ «እናንተ»ን ከ«እርስዎ» ጋር ማፈራረቅ አይገባም።

ርዝመቱን ለመወሰን ከውጭ መማሪያዎች የሚቀዳው የቃላት ቁጥር ብዙም አያገለግልም። «እንደሚመዘገብ» የሚለው አንድ ቃል በእንግሊዝኛ ሦስትና አራት ቃል ይሆናልና። አስተማማኙ መንገድ ሰዓት ይዞ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው፤ ሲነበብ የሚያስተነፍስ ዓረፍተ ነገር ይከፈላል። ቀጥሎ ጽሑፉን ለማያውቅ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ማሰማትና «ስትጨርስ ምን ታገኛለህ? ከማን?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። መልሱ «ሥራ» ከሆነ፣ ጽሑፉ ምንም ቢል የተላለፈው ያ ነው።

ስልካቸውን በሚኒባስ ውስጥ ድምፅ አጥፍተው ለሚያዩ ደግሞ ርዝመቱ፣ ክፍያው፣ የምዝገባው ቀንና የወረቀቱ ዓይነት በማያ ገጹ ላይ ተጽፈው መታየት አለባቸው። ሰዓቱም «ከ11 እስከ 1» ብቻ ተብሎ አይተው፤ «ከቀኑ 11 እስከ ምሽቱ 1» ይባል። ቦታውን በተመለከተ «ፒያሳ» ማለት ለከተማው ሰው እንኳ ሰፊ ነው፤ የሕንፃ ስምም ለገጠሩ እንግዳ አይጠቅምም። በጣሊያን ዘመን የተሠራውን ፖስታ ቤት ግን ጠይቆ የማያገኘው የለም። ስለዚህ የመጨረሻዎቹ አሥር ሰከንዶች ካሜራው ከፖስታ ቤቱ በር ተነሥቶ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ደረጃውን ወጥቶ እስከ መመዝገቢያው ጠረጴዛ ሳይቆረጥ ቢሄድ፣ ተናጋሪው ዝም ሊል ይችላል።